«የአንገት ሐብል ከነጉትቻው፣ ሁለት አምባር»

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ዘመዴ የኢንሹራንስ ወረቀቶቿን ስታገላብጥ አንድ ቅጠል አውጥታ «ይሄ እስካሁን ይሠራል?» አለችኝ። ወረቀቱ የሠርግ ወርቋን ዋጋ የሚገልጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 አጋማሽ በአንድ ጌጣጌጥ ቤት የተጻፈ። እንዲህ ይላል፦ «የአንገት ሐብል ከነጉትቻው፣ ሁለት አምባር፤ ቢጫ ወርቅ፤ ጠቅላላ ዋጋ 5,000 ዶላር»። ከሥሩ የማይነበብ ፊርማ አለ። ግራም የለም፣ ካራት የለም፣ ፎቶ የለም። ወረቀቱ ግን ደህና አድርጎ ተጣጥፎ በላስቲክ ውስጥ ሰባት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰነድ የሚያስፈልገው ተራው የቤት ወይም የኪራይ ቤት ኢንሹራንስ ለጌጣጌጥ ጠባብ ጣሪያ ስላለው ነው። በብዙዎቹ ውሎች ጌጣጌጥ ቢሰረቅ የሚከፈለው፣ ሁሉም ተደምሮ፣ ከ1,500 ዶላር አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ጌጡን በስም በስሙ ያስመዘግብና በየዓመቱ ተጨማሪ አረቦን ይከፍላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ መቶ ዶላር ግምት ከአንድ እስከ ሁለት ዶላር። ለምዝገባው ደግሞ ድርጅቱ የገማች ወረቀት ይጠይቃል። ዘመዴም ይህንኑ አድርጋለች፤ 5,000 ዶላር አስመዝግባ አረቦኗን ሳታጓድል ስትከፍል ኖራለች።

ብዙ ሰው ታዲያ ወርቁ ቢጠፋ 5,000 ዶላር በቼክ የሚላክለት ይመስለዋል። አንዳንድ ውል የተስማሙበትን ገንዘብ እንዳለ ይከፍላል፤ አብዛኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ድርጅቱ «በዓይነትና በጥራት ተመሳሳይ» የሆነ ዕቃ ይተካል፣ ወይም እሱን ለመተካት የሚያስፈልገውን ብቻ ይከፍላል። 5,000ው ጣሪያ እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። የሚተካውንም ዕቃ የሚፈልገው ድርጅቱ የሚሠራበት ጌጣጌጥ ነጋዴ ነው፤ እሱ ደግሞ በቅናሽ ነው የሚገዛው። ይህ ሰው ሐብሉን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። በእጁ ያለው ያቺ አንድ ቅጠል ናት።

እሷ ደግሞ የምትለው «ቢጫ ወርቅ» ነው። በአሜሪካ ሱቆች በብዛት የሚሸጠው ቢጫ ወርቅ 14 ካራት ነው፤ ከመቶው 58.5 እጁ ብቻ ንጹሕ ወርቅ የሆነ። የዘመዴ ወርቅ 21 ካራት ነው፣ ማለትም ከመቶ 87.5። በወረቀቱ ዓይን ግን ሁለቱም ቢጫ ወርቅ ናቸው። ነጋዴው 14 ካራቱን አምጥቶ «ይኸው ተመሳሳይ» ቢላት በምን ትከራከራለች? የሠርግ ቪዲዮ ካራት አያሳይም።

ስለዚህ የደህና ሰነድ ሥራ ዋጋ መጻፍ ብቻ አይደለም፤ ጌጡን አይቶት የማያውቅ ሰው እንደገና ሊያሠራው እስኪችል ድረስ መግለጽ ነው። ለሁለቱ አምባሮች ብቻ እንኳ እንዲህ ተብሎ መጻፍ ነበረበት፦ «አምባር፣ ሁለት፣ በእጅ የተሠሩ፤ ቢጫ ወርቅ፣ 21 ካራት፣ በኤክስሬይ መሣሪያ ተፈትኖ የተረጋገጠ፤ ማኅተም የላቸውም። የውስጥ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር፣ ወርድ 9 ሚሊ ሜትር። አንደኛው 20.1፣ ሁለተኛው 19.9 ግራም። ላያቸው በተጠማዘዘ ቀጭን የወርቅ ሽቦ የተሸፈነ። በሁለተኛው ላይ አንድ ቦታ የብየዳ ጥገና ይታያል። ፎቶ 3 እና 4።» ከዚህ በኋላ ዋጋው ይከተላል፤ ለአምባሮቹ ለብቻ፣ ለሐብሉ ለብቻ፣ ለጉትቻው ለብቻ። አንድ ጉትቻ ቢጠፋ ሁሉም በአንድ ድምር የተጻፈበት ወረቀት የጉትቻው ድርሻ ስንት እንደሆነ አይናገርም።

«ተፈትኖ» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ገማቹ ጌጡ ላይ 875 ወይም 750 የሚል ማኅተም አይቶ ያንኑ ቢገለብጠው የጻፈው የማኅተሙን ቃል ነው፤ 875 ማለት 21 ካራት፣ 750 ማለት 18 ካራት ነው። አገር ቤት በእጅ የተሠራ ብዙ ጌጥ ደግሞ ማኅተም አይኖረውም፣ ቢኖረውም ሠሪው ራሱ የመታው ይሆናል። ስለዚህ ገማቹ በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ፣ ወይም በኤክስሬይ መሣሪያ ራሱ መርምሮ በምን እንደመረመረ መጻፍ አለበት። መሣሪያውም ቢሆን የሚያነበው ላይ ላዩን ስለሆነ ወርቅ የተቀባን ጌጥ ሊስተው ይችላል፤ ጠንቃቃ ገማች ሁለትና ሦስት ቦታ ይፈትሻል።

ድንጋይ ሲኖር ነገሩ ትንሽ ይረዝማል። እዚህ ላይ ካራት የሚለው ቃላችን ራሱ ያደናግራል፦ የወርቅ ካራት የጥራት ልክ ነው፣ የድንጋይ ካራት ደግሞ ክብደት ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም። ቀለበት ላይ የተሰካ አልማዝ ተነቅሎ ካልተመዘነ ክብደቱ ከስፋቱና ከከፍታው የተሰላ ግምት ስለሆነ ወረቀቱ «በግምት» ማለት አለበት። አልማዙ የተፈጥሮ ነው ወይስ በላቦራቶሪ የተሠራ የሚለው ካልተጻፈ ወረቀቱን አለመቀበል ነው፤ በዓይን አይለዩም፣ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራርቋል። የወሎ ኦፓል ያለው ሰው ደግሞ ገማቹ ድንጋዩን ያውቀው እንደሆነ ይጠይቅ። ብዙው የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲረጥብ ክብደቱ ይጨምራል፣ የቀለም ጨዋታውም ሊደበዝዝ ወይም ድንጋዩ እንደ መስታወት ሊያሳልፍ ይችላል፣ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ታጥቦ ሳይደርቅ የተመዘነና ፎቶ የተነሣ ኦፓል በወረቀት ላይ ሌላ ድንጋይ ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። አንድ ጌጥ በአንድ ቀን በርካታ ዋጋ አለው። ቀልጦ ሲሸጥ አንድ ነው፣ ያገለገለ ተብሎ ለገዢ ሲቀርብ ሌላ ነው፣ አዲስ ተሠርቶ ከሱቅ ሲገዛ ደግሞ ሌላ። ለኢንሹራንስ የሚፈለገው የመጨረሻው፣ የመተኪያ ዋጋ ነው፤ ሰነዱም ይህንኑ በግልጽ መናገርና የየትኛው ገበያ ዋጋ እንደሆነ መጥቀስ አለበት። ለእኛ ጌጥ ይህ ቁም ነገር ነው። አሜሪካዊ ገማች በሚዛን አስቀምጦ የወርቁን ብቻ ቢያሰላ የእጁን ሥራ በነፃ ሰጠ ማለት ነው። 21 ካራት በሽቦ ጥልፍ የሚሠራ ሰው የት ይገኛል፣ በስንት ይሠራል የሚለውን አጣርቶ መጻፍ አለበት።

በሌላ ወገን ደግሞ የተጋነነ ወረቀት አለ። ቀለበቱን 3,000 ዶላር ገዝተህ ሻጩ «በነፃ» የ6,000 ዶላር ግምት ይጽፍልሃል፤ አንተም በርካሽ የገዛህ እየመሰለህ ደስ ብሎህ ትወጣለህ። አረቦኑን በ6,000 ሒሳብ ትከፍላለህ፤ በጠፋ ቀን ድርጅቱ የሚተካው ግን የ3,000ውን ቀለበት ነው። ሻጭ ራሱ የሸጠውን ሲገምት የምጠራጠረው ለዚህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጌጣጌጥ ለመገመት የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም፤ ማንም ተነሥቶ ገማች ነኝ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሰነዱ የገማቹን ስም፣ ሥልጠናና የማኅበር አባልነት መያዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው ጂአይኤ የሚባለው ተቋም ምሩቅ መሆን ድንጋይ ማወቅን ያሳያል፤ ዋጋ መገመት ግን ሌላ ትምህርት ነው። ጂአይኤ ለአልማዝ የሚሰጠውን የደረጃ ወረቀት የዋጋ ግምት አድርገው የሚይዙም አሉ፤ እሱ ላይ ዋጋ የሚባል ነገር የለም። ሒሳቡንም አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የአሜሪካ የግምት ሙያ ደንብ የገማች ክፍያ ከግምቱ ውጤት ጋር እንዲታሰር አይፈቅድም። «ከዋጋው ይህን ያህል ፐርሰንት» የሚል ገማች ዋጋውን ወደ ላይ የሚገፋበት ምክንያት አለውና ወርቁን መልሶ ቦርሳ ውስጥ መክተት ይሻላል።

ዘመዴ «እስካሁን ይሠራል?» ላለችው መልሱ ሒሳብ ነው። ጠቅላላ ወርቋ 80 ግራም ነው። 80ን በ0.875 ብናባዛ 70 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይሆናል። የዓለም ገበያ በአውንስ ስለሚናገር 70ን ለ31.1 ስናካፍል 2.25 አውንስ እናገኛለን። በ2019 አጋማሽ አንድ አውንስ 1,400 ዶላር ገደማ ስለነበር ወርቁ ብቻ 3,150 ዶላር ያወጣ ነበር፤ የእጅና የሱቅ ሲታከልበት 5,000ው የሚያስነቅፍ አልነበረም። በጥቅምት 2025 አውንሱ 4,000 ዶላርን አለፈ። በዚያ ሒሳብ ወርቁ ብቻ 9,000 ዶላር ነው። ዘመዴ በዚያ ሰሞን ብትሰረቅ ኖሮ ጣሪያዋ፣ የእጁን ሥራ እንዳለ ትተን፣ 44 ግራም የሚያህለውን ብቻ ነበር የሚመልስላት። የቀረው 36 ግራም ሌባው ሳይሆን ወረቀቱ የወሰደው ነው።

በየስንት ጊዜው ይታደስ ሲባል ገማቾች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይላሉ፤ አንዳንድ ድርጅትም የራሱን የጊዜ ገደብ ያስቀምጣል። ዋጋው በድንጋዩና በሥራው ላይ ለቆመ ጌጥ ይህ ይበቃል። እንደ እኛ ጥሎሽ ክብደቱ ለሆነ ወርቅ ግን የቀን መቁጠሪያ ብቻ አይበቃም። አረቦን በሚታደስበት ወር ከላይ ያለውን ሒሳብ በስልክ ካልኩሌተር መሥራት ነው፤ ወርቁ ከተገመተበት ቀን ወዲህ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ከተንቀሳቀሰ፣ እኔ ብሆን፣ ሁለት ዓመት ባይሞላም እሄዳለሁ። ወደ ታችም ቢሆን ያው ነው፤ በ2011 ወርቅ 1,900 ዶላር በደረሰበት ወቅት ያስገመተ ሰው፣ በ2015 መጨረሻ አውንሱ 1,100 እንኳ ሳይሞላ፣ በቀድሞው ግምት አረቦን ይከፍል ነበር። አንዳንድ ድርጅት ጣሪያውን በየዓመቱ በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ ያ ጭማሪ ግን ከወርቅ ገበያ ጋር እኩል አይሮጥም። አዲሱ ወረቀትም ድርጅቱ ተቀብሎ የተሻሻለውን የውል ገጽ እስኪልክ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት ነው።

ዘመዴ ከዚህ ወሬያችን በኋላ ቀጠሮ ያዘች። ገማቹ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ አምባሮቹን አንድ ባንድ እየመዘኑ «የተገዛበት ደረሰኝ አለሽ?» አሏት። አዲስ አበባ ለእናቷ ደወለች። ፒያሳ የተገዛበት ደረሰኝ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተገኝቶ ፎቶው በቴሌግራም መጣ፦ 21 ካራት፣ የሁለቱ አምባር ክብደት 40.6 ግራም። ሚዛኑ ግን 40.0 ይላል። ልጅቷ ደንገጥ አለች። «ሌባ አይደለም፤ እጅሽ ላይ ያለቀ ነው» አሏትና 40.0 ብለው ጻፉ።