ጫማው ተመለሰ፣ ቀሚሱ ግን አልተመለሰም

ፍራንክፈርት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው መስከረም ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ደፋ ቀና ስትል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር በኢንተርኔት አዘዘች። አንዱ ከትልቅ መደብር የተገዛ ጫማ ነው። ሌላው እዚያው ፍራንክፈርት ሆና ሽሮ ሜዳ ከምታሠራ ነጋዴ ያዘዘችው የእናትና የልጅ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ሁለቱንም ወዲያው ከፈለች፤ ሁለቱም ገና ሳይላኩ ልትሰርዛቸው ፈለገች። ሁለቱም ሻጮች የሰጧት መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ «አይሆንም፣ ሥራው ተጀምሯል።» በኋላ የጫማው ገንዘብ ተመለሰላት። የቀሚሱ ግን አልተመለሰም። ያኔ ደውላ «ይኼ እንዴት ፍርድ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። የሷ ጥያቄ የብዙዎቻችን ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

በጫማው ልጀምር። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ 64.95 ዩሮ ከፍላ አዘዘች። ልጇን አስተኝታ ስትመለስ ቁጥሩን 39 ማለት ሲገባት 38 ማለቷን አየች። አርባ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የመሰረዣው ምልክት ግን ከገጹ ጠፍቷል፤ በምትኩ «ትዕዛዝዎ በመዘጋጀት ላይ ነው» ይላል። በዚያ ሰዓት ማን ያዘጋጃል ብላ ተናደደች።

እኔ ጀርመን እንደመጣሁ ሁለት የገና ሰሞን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ለቅሜያለሁና መልሱን በእግሬ አውቀዋለሁ። የተከፈለበት ትዕዛዝ ወደ መጋዘኑ ሲገባ ብቻውን አይጠብቅም። ከሌሎች ትዕዛዞች ጋር ይሰበሰብና በአንድ ዙር ይለቀቃል። እኔ የምገፋው ጋሪ ላይ ሃያ የፕላስቲክ ሣጥን ነበር፤ ሃያ ሰው ማለት ነው። እጄ ላይ ያለችው ስካነር መተላለፊያውን፣ መደርደሪያውንና የሣጥኑን ቁጥር ብቻ ታሳየኛለች። የማንም ስም አይወጣም፣ የትኛው የማን እንደሆነም አላውቅም። ዕቃውን አነሣለሁ፣ መስመሩን አስነብባለሁ፣ ትጮኻለች፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ጋሪው ማሸጊያው ጠረጴዛ ሲደርስ ባልደረባዬ እያንዳንዱን ዕቃ እንደገና ያስነብባል፤ አድራሻው ያለበት ወረቀት ያን ጊዜ ከማተሚያው ይወጣል። የአድራሹ ድርጅት መኪና ደግሞ በየማታው በተቆረጠለት ሰዓት ይሄዳል፤ ሰው አይጠብቅም።

አሁን ከዚያ ጋሪ ላይ አንዱን ጫማ አስቁሙ ብትሉን አንድ ሰው ሥራውን ትቶ ጋሪው የቱ ጋ እንደደረሰ መፈለግ አለበት። ቢያገኘውም ጫማውን አውጥቶ ወደ መደርደሪያው መመለስና ቁጥሩን ማስተካከል ይኖርበታል። ይህን ከዘነጋ መደርደሪያው ላይ ያለ ጫማ ኮምፒውተሩ ላይ የለም ይባላል። የአንዱ ሰው ስረዛ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ በገና ሰሞን አሥር ደቂቃ ብዙ ነው። አንዳንዱ መጋዘን ዘዴ አለው፤ የተሰረዘው ዕቃ ማሸጊያው ላይ ሲነበብ ስክሪኑ ቀይ ይሆንና ወደ ጎን ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ አድራሻው እስኪታተም ድረስ መሰረዝ ይቻላል። ብዙ መደብሮች ግን መጋዘኑ የራሳቸው አይደለም። ትዕዛዙን ለሌላ ድርጅት ይልካሉ፤ ከላኩት በኋላ የሚመልሱበት መንገድ የላቸውም። ስልክ ላይ ያለችው ሠራተኛ «አልችልም» ስትል እውነቷን ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል ሻጭ ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ገንዘቡ በገባ በደቂቃው፣ ማንም ሳይነካው፣ «በመዘጋጀት ላይ» የሚል ጽሑፍ ሰቅለው በሩን የሚዘጉ አሉ። ይህ ልክ አይደለም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት መተው ይችላሉ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚታየውም ያኔ ነው። ዕቃው በእርግጥ የት እንደደረሰ ለማወቅ የመከታተያ ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። ቁጥር ካልተሰጠ አድራሻው ገና አልታተመ ይሆናል። ቁጥር ተሰጥቶ የአድራሹ ገጽ መረጃው እንደደረሰው፣ ዕቃው ግን ገና እንዳልደረሰው የሚናገር ከሆነ ሣጥኑ ታሽጎ መኪና እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

የአክስቴን ልጅ ያዳናት ግን ዕቃውን ማስቆም አይደለም። ጀርመኖች ሁለት ቃል አላቸው፤ እኛ ሁለቱንም «መሰረዝ» ስለምንል እንምታታለን። አንዱ «ሽቶርኒሩንግ» ነው። ይህ ሻጩን መለመን ነው፤ ቢፈልግ ይሰርዛል፣ ባይፈልግ ይተወዋል። ሌላው «ቪደሩፍ» ነው። ይህ ከውል የመውጣት መብት ነው፤ የሻጩን ፈቃድ አይጠይቅም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ መሠረት ከርቀት የገዛ ሰው ዕቃው እጁ ከገባበት ቀን ጀምሮ 14 ቀን አለው፤ ምክንያት መስጠትም አይጠበቅበትም። ዕቃው እስኪመጣ መጠበቅም የለበትም፤ ባዘዘበት ማታ ከውሉ ወጥቻለሁ ማለት ይችላል። ስለዚህ የሻጩ «አይሆንም» ትርጉሙ «ሣጥኑን አላስቆምም» ብቻ ነው፤ «ገንዘብሽን አልመልስም» ማለት አይደለም።

እሷም በዚያው ማታ አጭር ኢሜይል ጻፈች፦ የትዕዛዙን ቁጥር፣ ያዘዘችበትን ቀን፣ ስሟን፣ ከዚያም «ከዚህ ውል ወጥቻለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ጫማው በሦስተኛው ቀን መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በሩ ላይ «አልቀበልም» ብሎ ፖስተኛውን መልሶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሕጉ ግን በቃል ወይም በጽሑፍ በግልጽ የተነገረ ነገር ይፈልጋል፤ ዝም ብሎ መመለስ ብቻውን አይበቃም። እሷ ቀድማ ስለጻፈች ጫማውን ሳትጫማው መልሳ ላከች። የመመለሻውን ፖስታ ራሷ ከፈለች፤ ሻጩ አስቀድሞ ካሳወቀ ይህ የገዢው ነው። ዋጋውና መጀመሪያ የከፈለችው ተራ የማድረሻ ሂሳብ ግን ሙሉ በሙሉ ተመለሰላት። ሻጩ ይህን ለማድረግ 14 ቀን አለው፤ ዕቃው ወይም የመላኪያው ደረሰኝ እስኪደርሰው መያዝም ይችላል። እ.ኤ.አ. ከጁን 19 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ በኅብረቱ ውስጥ የሚሸጡ ገጾች ከውል መውጫ ቁልፍ በግልጽ እንዲያስቀምጡ ሕጉ ያዛል።

አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችን ነገሩ ይለያል። እዚያ በኢንተርኔት ለተገዛ ዕቃ እንዲህ ያለ አጠቃላይ የፌዴራል መብት የለም፤ የመደብሩ ደንብ ነው የሚገዛው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ደንብ የሚረዳው ሻጩ ሲዘገይ ነው። በገባው ቃል፣ ቃል ካልገባም በ30 ቀን ውስጥ ካልላከ፣ ገዢውን አሳውቆ ለመጠበቅ ወይም ገንዘቡን ለመውሰድ ምርጫ ሊሰጠው ይገባል።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። በካርድ ስንከፍል ብዙ ጊዜ ባንኩ ገንዘቡን መጀመሪያ ይይዘዋል እንጂ ለሻጩ አይሰጠውም፤ ሻጩ የሚወስደው ዕቃውን ሲልክ ነው። ትዕዛዙ ከዚያ በፊት ከተሰረዘ የተያዘው ይለቀቃል፤ «ተመላሽ» የሚል መስመር በሂሳባችን ላይ አናይም፤ የተያዘው ብቻ ከቀናት በኋላ ይጠፋል። ሻጩ ከወሰደው በኋላ ከሆነ ግን ተመላሹ ለብቻው ይመጣል። ለትንሽ ነጋዴ ልዩነቱ ከባድ ነው፤ ክፍያ አስፈጻሚው ድርጅት ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ቢመለስም የወሰደውን ኮሚሽን አይመልስም። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው፤ 100 ዶላር ሸጦ የመለሰ ሰው ምንም ሳይሸጥ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ከኪሱ ያወጣል።

አሁን ወደ ቀሚሱ። ለሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነውና ጊዜው የታወቀ ነው። የአክስቴ ልጅ ለራሷና ለልጇ በልኳ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥለት ያላቸው፣ 320 ዩሮ ከፍላ አዘዘች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ከአዲስ አበባ ደውለው «እኔ አሠርቼልሻለሁ፣ በሰው እልከዋለሁ» አሏት። ወዲያው ለነጋዴዋ ጻፈች። ነጋዴዋ ምንም ሳትናገር ፎቶ ላከችላት፦ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ድሩ ተወጥሯል፣ ከታች በኩል ሁለት ጣት የሚሆን አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ተሠርቷል።

ድር አንዴ ከተዘረጋ ርዝመቱ የዚያ ቀሚስ ነው። ክሩ ተገዝቷል፣ ቀለሙ በእሷ ምርጫ ነው፣ ልኩም የእሷና የአራስ ልጇ ነው። የመጋዘኑ ጫማ ወደ መደርደሪያው ተመልሶ ነገ ለሌላ ይሸጣል። ይህን ግን ማን ይወስደዋል? ሸማኔው የሠራባቸው ቀናትም አይመለሱም። ሕጉም ይህን ያውቃል፤ በገዢው ልክና ምርጫ የሚሠራ ነገር ከ14 ቀኑ መብት ውጭ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሸማኔው ድሩን ባይዘረጋም ኖሮ መብት አልነበራትም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2020 በአንድ የጀርመን የወጥ ቤት ዕቃ ጉዳይ ይህን ወስኗል። ገዢው በልኩ የሚሠራ ወጥ ቤት አዝዞ ሥራው ሳይጀመር ከውሉ ለመውጣት ጠይቆ ነበር። ፍርድ ቤቱ በልክ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ ሻጩ መጀመሩ ወይም አለመጀመሩ ለውጥ አያመጣም አለ። ምክንያቱም መብቱ ያለ ወይም የሌለ መሆኑ ውሉ ሲፈረም መታወቅ አለበት፤ ሻጩ መጋዝ ባነሣበት ሰዓት ሊወሰን አይገባም።

የኛ አባቶች ለዚህ ቀብድ ነበራቸው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም አስፍሮታል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ከወጣ ደግሞ እጥፉን ይከፍላል። መውጫው ስንት እንደሚያስከፍል ሁለቱም ከመጀመሪያው ያውቁታል። የአክስቴ ልጅ 320 ዩሮውን በሙሉ ከመክፈል ይልቅ 80 ዩሮ ቀብድ ብትሰጥና «ድሩ ከመዘርጋቱ በፊት ብሰርዝስ?» ብላ በጽሑፍ ብትስማማ ኖሮ ከዚያ በላይ ላትከስር ትችል ነበር። ነጋዴዋም የክሯን ዋጋ ታገኝ ነበር።

ቀሚሱ በሰማንያው ቀን ዋዜማ ደረሰ። ሕፃኗ አያቷ ያሠሩላትን ለበሰች፤ እናትየው ግን የገዛችውን ነው የለበሰችው፤ ከእናቷ የመጣው ወገቡ ጠቧት ነበር።