«ቀን ቆጥሬ ነበር»፦ ስለ ወር አበባ ዑደትና ስለ እርግዝና መከላከያ ለተማሪዎች የቀረበ ገለጻ

(ከጤና ዝግጅታችን ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

የዛሬው ዝግጅታችን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው፤ ወላጆችም አብራችሁ ብትከታተሉ መልካም ነው። ባልታሰበ እርግዝና ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ «እኔ እኮ ቀን ቆጥሬ ነበር።» ቆጠራው የት ላይ እንደሚሳሳት እንመልከት።

ዑደት የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ የሚቀጥለው ደም እስከሚታይበት ዋዜማ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የማህፀን የውስጥ ሽፋን ይወፍራል፣ አንድ እንቁላል በስሎ ይወጣል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሽፋኑ ተላቅቆ በደም መልክ ይወርዳል።

ብዙዎቻችሁ እንቁላል የሚወጣው «በ14ኛው ቀን ነው» ሲባል ሰምታችኋል። ይህ የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። እንቁላሉ የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። ችግሩ ግን የሚቀጥለው የወር አበባ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በተለይ የወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዑደቱ አንዴ 24፣ ሌላ ጊዜ 34 ቀን ሊሆን ይችላል፤ ይህ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ተማሪ ጥቅምት 2 ደም አየች እንበል፤ ጥቅምት 6 አበቃላት። 14ኛው ቀን ጥቅምት 15 ነው ብላ ከ13 እስከ 17 ያለውን «አደገኛ» አለችው። ጥቅምት 8 ግንኙነት ብታደርግ ምንም አይመጣም ብላ ታስባለች። ነገር ግን የዚያ ወር ዑደቷ 24 ቀን ከሆነ የሚቀጥለው ደም የሚጠበቀው ጥቅምት 26 ነው። ከዚያ 14 ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር እንቁላሉ የሚወጣው ጥቅምት 12 ገደማ ይሆናል። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚቆየው ቢበዛ 24 ሰዓት ነው፤ የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። የጥቅምት 8ቱ ጥቅምት 12 ላይ እንቁላሉን ጠብቆ ያገኘዋል ማለት ነው።

ዑደቷ 34 ቀን ቢሆንስ? የሚቀጥለው ደም ኅዳር 6 ይመጣል፤ እንቁላሉም የሚወጣው ጥቅምት 22 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ «አደገኛው ጊዜ አልፏል» ብላ ከተዘናጋች 5 ቀን ሆኗታል።

ሁለተኛው የተሳሳተ ግንዛቤ ስለ ፖስት ፒል ነው። «ጽንስ ያስወርዳል» የሚሉ አሉ፤ «አንዴ ከዋጥኩ ለወሩ ይበቃኛል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ስህተት ነው። ኪኒኑ የሚሠራው በዋናነት እንቁላሉ እንዳይወጣ በማዘግየት ነው። ተማሪዋ ጥቅምት 8 ማታ ወይም በማግስቱ ብትወስደው ሊጠቅማት ይችል ነበር። ጥቅምት 12 እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ግን የሚያዘገየው ነገር የለም። «እስከ 72 ሰዓት» ቢባልም በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል። በተወሰደ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ እንደገና መውሰድ ያስፈልጋል። የዘገየው እንቁላል ደግሞ ከቀናት በኋላ ሊወጣ ስለሚችል፣ ከኪኒኑ በኋላ የሚደረግ ግንኙነት መከላከያ የለውም። የወር አበባዋ ከሚጠበቅበት ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ማድረግ አለባት።

ሦስተኛው ስለ ባለ ሦስት ወሩ መርፌ የሚወራው ነው። «ደሙ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ መካን ያደርጋል» ይባላል። መርፌው እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ የማህፀን ሽፋንም ስስ ሆኖ ይቆያል። ሽፋኑ ካልወፈረ የሚወርድ ደም የለም፤ ስለዚህ የሚጠራቀም ነገር የለም። ወሬው መነሻ የለውም ማለት ግን አይደለም። መርፌውን ካቆሙ በኋላ የመውለድ አቅም ለመመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ አንዳንዴ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል። ይህን ሳይነገራት ቆይታ የምትጠብቅ ሴት «መከንኩ» ብትል አይፈረድባትም። መዘግየት ግን መምከን አይደለም።

ወንዶች ልጆች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። መርፌም ሆነ ኪኒን ከኤች አይ ቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች አይከላከልም፤ ይህን የሚያደርገው በትክክል የተጠለቀ ኮንዶም ነው። ዑደታቸውን መመዝገብ የምትፈልጉ ሴት ልጆች ደግሞ ደም ያያችሁበትን ቀን በየወሩ በደብተር ጻፉ። መዝገቡ ሰውነታችሁን ያስተዋውቃችኋል፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ይጠቅማል፤ መከላከያ ነው ብላችሁ ግን አትመኑበት።