የሎጎ እርማት የት ላይ ያበቃል?

ሎጎ የሚያሠራ ድርጅት ብዙ ጊዜ አስተያየቱን የሚልከው በቁርጥራጭ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት በቴሌግራም «አረንጓዴው ይድመቅ» ይላል፤ ከሰዓት የሽያጭ ኃላፊዋ አረንጓዴው ጭራሽ ይውጣ ትላለች። ዲዛይነሩ ሁለቱንም ልታዘዝ ካለ ሥራው ማለቂያ የለውም።

ስለዚህ ዋጋው የሚሸፍነው ሁለት ዙር እርማት ብቻ መሆኑ ውሉ ላይ ይጻፍ። አንድ ዙር ማለት አንድ ተወካይ፣ በአንድ ሰነድ፣ ለምሳሌ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ የሚልከው የተጠቃለለ አስተያየት ነው። እርስ በርሱ የሚጋጭ ከሆነ ዲዛይነሩ ሥራውን ሳይነካ ይመልሰው፤ ማስታረቁ የደንበኛው ድርሻ ነው። የዲዛይነሩ የራሱ ስህተት፣ ለምሳሌ በድርጅቱ ስም ላይ የሳተው ፊደል፣ እንደ ዙር አይቆጠርም፤ ቢቆጠር ግፍ ነው። ሦስተኛ ዙር ከተፈለገ ክፍያውና አዲሱ የማስረከቢያ ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ። «ትንሽ ነገር ናት» ተብላ የምትመጣውም እዚሁ ትገባለች።