በስኩዌር ሩቱ ውስጥ ያለው ክብ

ሬዲየሱ 2 ሜትር የሆነ ክብ መሬት ላይ እናስምር። ከመሐሉ 1 ሜትር ወደ ቀኝ እንለካና፣ ከመሐሉም ከዚያ ነጥብም ቀጥ ያለ መስመር እስከ ክቡ ጠርዝ ወደ ላይ እንሳብ። በሁለቱ መስመሮች መካከል የተያዘው ቦታ ስፋቱ ስንት ነው? ጣሪያው ስለጎበጠ ወርድን በቁመት ማባዛት አያዋጣም። በካልኩለስ ሲጻፍ ጥያቄው ይህ ነው፦

∫ √(4 − x²) dx፣ x ከ0 እስከ 1

ከማስላት በፊት በዓይን መገመት ደግ ነው። የግራው ቁመት 2፣ የቀኙ √3 ማለትም 1.73 ገደማ ነው። ወርዱ 1 ስለሆነ መልሱ በ1.73ና በ2 መካከል መውደቅ አለበት። ይህን ግምት እንያዘው፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ብዙ ተማሪ ሩቱን ሲያይ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም √(4 − x²)ን 2 − x ብሎ ይገላገለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ሩቱን በፓይታጎረስ ዓይን ብናየው ግን ባለ 90 ዲግሪ ጎነ ሦስት ነው፦ ረጅሙ ጎን 2፣ አንዱ አጭር ጎን x፣ ሌላው √(4 − x²)። ጎነ ሦስት ካለ ማዕዘን አለ፤ ከx ፊት ለፊት ያለውን ማዕዘን θ እንበለው። እንግዲህ x = 2 sin θ ይሆናል፣ ሩቱም 2 cos θ። θን ከ−90 እስከ 90 ዲግሪ ከወሰንነው ኮሳይን ኔጌቲቭ ስለማይሆን የምልክት ጣጣ የለም።

dx ደግሞ 2 cos θ dθ ይሆናል። x ዜሮ ሲሆን θም ዜሮ ነው፤ x 1 ሲሆን sin θ ግማሽ ስለሆነ θ π/6፣ ማለትም 30 ዲግሪ ነው። ስለዚህ፦

∫ 4 cos²θ dθ = ∫ (2 + 2 cos 2θ) dθ = 2θ + sin 2θ

በ0ና በπ/6 መካከል ሲሰላ π/3 + √3/2፣ ወደ 1.91 ካሬ ሜትር ይመጣል። ግምታችን ውስጥ ነው።

እኔን የሚገርመኝ መልሱ ለምን ሁለት ቁራጭ እንደሆነ ነው። ከመሐሉ ወደ ቀኙ መስመር ጫፍ አንድ ሬዲየስ ብንስብ ቦታው ለሁለት ይከፈላል። ከላይ የድፎ ዳቦ ቁራሽ የሚመስል የ30 ዲግሪ ክፋይ ይቀራል፤ ስፋቱ የመላው ክብ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ 4π/12 = π/3 ነው። ከታች መሠረቱ 1፣ ቁመቱ √3 የሆነ ጎነ ሦስት አለ፤ ስፋቱ √3/2። ስሌቱ ሳንነግረው ሥዕሉን ራሱ ቆራርጦ ደምሮታል።

በብዛት የሚረሳው dxን መቀየር ነው። ሩቱን ብቻ ተክቶ ∫ 2 cos θ dθ የሚል ሰው 2 sin θ ያገኝና መልሱ 1 ይወጣለታል። ከ1.73 ማነስ የማይችል ቦታ 1 ካሬ ሜትር ሆነ ማለት ነው፤ መሬት ላይ ያሰመርነው ክብ ወዲያው ያጋልጠዋል።