ልስኑ ስንት ሲሚንቶ ይበላል?

ቤት የሚሠራ ሰው ልስን ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለክፍሉ ስንት ኩንታል ይበቃል?» ብሎ ነው። ግንበኛው ግድግዳውን አንዴ ቃኘት አድርጎ ቁጥር ይነግረዋል፤ ሥራው ሳያልቅ ግን ሲሚንቶው ያልቃል። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ስፋቱ ላይ አይደለም። ስፋትን ማንም ሰው በሜትር ይለካል። የሚረሳው ውፍረቱ ነው፤ ሲሚንቶውን የሚበላው ግን እሱ ነው።

እስቲ አንድ የብሎኬት ክፍል እንውሰድ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.80 ነው እንበል። የአራቱ ግድግዳ ዙሪያ 14 ሜትር ስለሚሆን፣ በከፍታው ሲባዛ 39.2 ካሬ ሜትር ይመጣል። 90 ሳንቲም በ2.10 የሆነ አንድ በርና 1.50 በ1.20 የሆነ አንድ መስኮት ሲቀነሱ 35.5 ካሬ ይቀራል። በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ ያለው የግድግዳ ጎንም ስለሚለሰን ትንሽ ጨምረን 36 ካሬ እናድርገው። ይህ የውስጥ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ኮርኒሱም የውጭው ልስንም የሉበትም።

ውፍረቱን ለማወቅ ደግሞ ቱንቢና ሲባጎ ያስፈልጋል። ግድግዳው ላይ በጣም ወጣ ያለችው ብሎኬት ትፈለግና ልስኑ እሷን ቢያንስ በ10 ሚሊ እንዲሸፍናት ተደርጎ ሲባጎው በቱንቢ ልክ ይወጠራል። ከዚያ ከሲባጎው እስከ ግድግዳው ያለው ክፍተት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በግራ፣ በመሐልና በቀኝ በኩል ይለካል። በጠቅላላው ዘጠኝ ቦታ መሆኑ ነው። ልኩ 10፣ 12፣ 14፣ 15፣ 13፣ 18፣ 16፣ 20 እና 17 ሚሊ ቢመጣ፣ ድምሩ 135 ይሆንና ለዘጠኝ ሲካፈል አማካዩ 15 ሚሊ ነው። በአራቱም ግድግዳ ላይ ይህን ማድረግ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። አንድም ከረጢት ከመገዛቱ በፊት መደረግ ያለበት ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ሒሳቡ ቀላል ነው። 36 ካሬ በ15 ሚሊ፣ ማለትም በ0.015 ሜትር ሲባዛ 0.54 ሜትር ኩብ ይሆናል። ነገር ግን በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ፣ ሲመታ ወደ መሬት የሚወድቅና ዕቃ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ስላለ ለዚህ ከመቶ 20 እጅ እንጨምርና 0.65 እንበል። ይህ የረጠበው ድብልቅ መጠን ነው። ደረቁ ሲሚንቶና አሸዋ ውሃ ሲነካቸው አየሩ ወጥቶ፣ ሲሚንቶው በአሸዋው ቅንጣቶች መሐል ገብቶ ይጠጋጋሉ። ስለዚህ ያንን ያህል ድብልቅ ለማግኘት በደረቁ 1.3 እጥፍ ያስፈልጋል፤ ወደ 0.85 ሜትር ኩብ ማለት ነው።

ይህን አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ብለን ስንከፍለው ሲሚንቶው 0.17 ሜትር ኩብ ይደርሰዋል። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት በግምት 35 ሊትር ስለሚይዝ ይህ አምስት ከረጢት፣ ሁለት ኩንታል ተኩል ነው። አሸዋው ወደ 0.7 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከወንፊት ላይ የሚቀረው ጠጠር ስላለና እርጥብ አሸዋ ተነፍቶ ከእውነተኛ መጠኑ በላይ ቦታ ስለሚይዝ፣ ሲገዛ 0.9 ቢደረግ ይሻላል።

ግድግዳው በደንብ ያልተገነባ ሆኖ አማካዩ 25 ሚሊ ቢመጣስ? በዚያው ክፍል፣ በዚያው ስፋት፣ ሲሚንቶው ከአምስት ወደ ስምንት ከረጢት ይወጣል። አሸዋውም አብሮ ያድጋል። የብሎኬት ግንበኛው በካሬ ስለሚከፈለው ቶሎ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል፤ ጠማማነቱን የሚያቃናው ልስኑ ነው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ባለቤቱ። ስለዚህ ለብሎኬት ሥራው የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ግድግዳው በቱንቢ መታየት አለበት። የወፈረ ልስን ሌላም ጣጣ አለው። ከ15 ሚሊ በላይ የሆነውን በአንድ ጊዜ ከደፈኑት በክብደቱ ይንሸራተታል ወይም ከጀርባው ይለቃል። በሁለት ጊዜ መመታት፣ የመጀመሪያው ገጽም ሳይደርቅ መቧጨር ይኖርበታል።

«ሲሚንቶ ከበዛ ይጠነክራል» ብለው አንድ ለሦስት የሚያስደርጉ አሉ። በእኛ ክፍል ይህ አንድ ከረጢት ያህል ይጨምራል። ነገር ግን ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ሲደርቅ ይበልጥ ይሸበሸባል፤ ከኋላው ካለው ብሎኬት ይልቅ የጠነከረ ልስን ደግሞ ሲኮማተር ራሱን ከግድግዳው ይላቅቃል። ዝናብ ለማያገኘው የውስጥ ግድግዳ አንድ ለአራት ይበቃል። የሲሚንቶውም ዓይነት ቢሆን ፒፒሲ ለልስን ተስማሚ ነው፤ ኦፒሲን ለኮለንና ለቢም ማስቀመጥ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ግን አሸዋው በአካፋ ከተቆጠረ ዋጋ የለውም። አንዱ አካፋ ተከምሮ፣ ሌላው ጎድሎ ይመጣል። 50 በ40 በ18 ሳንቲም የሆነ የእንጨት ሳጥን 36 ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር በጣም ይቀራረባል። አንድ ከረጢት ተቀዶ፣ አራት ሳጥን አሸዋ አፉ በጣውላ ተደልድሎ ይፈሳል። አሸዋው አፈር እንዳለበት ለማየት የመስታወት ጠርሙስ እስከ ግማሹ ተሞልቶበት፣ ውሃ ተጨምሮ ተንጦ ይቀመጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአሸዋው በላይ የሚቀመጠው ደቃቅ ከመቶ 6 እጅ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። አፈር የበዛበት አሸዋ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የበዛበት ድብልቅ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ለአንድ ከረጢት ከ30 እስከ 35 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ተኩል መሆኑ ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ይቀንሳል። ለአምስቱም ከረጢት ስምንት ጀሪካን ያህል ነው። የተቦካው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ካላለቀ ውሃ እየጨመሩ ማላላት አይገባም፤ መያያዝ የጀመረው ሲሚንቶ እንደገና ሲበጠበጥ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ሠራተኛው በአንድ ጊዜ ከአንድ ከረጢት በላይ ባያቦካ መልካም ነው።

ብዙው ውሃ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ልስኑ ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥበት ሳይለየው መቆየት አለበት። በካሬ አንድ ሊትር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቢረጭ ለ36 ካሬ በሰባት ቀን 500 ሊትር ገደማ ይሆናል። ለድብልቁ ከገባው ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ልስን ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሦስት በርሜል ሞልቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሰባቱ ቀን መጨረሻ ግድግዳው በጣት አንጓ ከላይ እስከ ታች ይንኳኳ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ይዟል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከብሎኬቱ ለቅቋልና ቀለም ሳይቀባ፣ ለሳኙም ሒሳቡን ሳይቀበል፣ ተቆርጦ እንደገና ይለሰን።