ሰው ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ፦ በሐዋላ ወኪል ቤት የጉርሻ አሠራር

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ገንዘብ የሚልክ ወኪል አዲስ ደንበኛ ለማግኘት ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ፣ ሰው ይዞ ለመጣ ነባር ደንበኛ ጉርሻ መክፈል ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ የሚልክ ሰው የሚጨነቀው ስለ ዋጋ ብቻ አይደለም። ብሩ ይደርስ ይሆን? እናቱ ባንክ ድረስ ሄዳ ባዶ እጇን ትመለስ ይሆን? ችግር ቢፈጠር ስልክ የሚያነሳለት ሰው ይኖራል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የሚያምነው፣ ለዓመታት የላከ የአክስቱን ልጅ ወይም የሥራ ባልደረባውን ነው። ያ ሰው «እኔ የምልከው በዚህ ቤት ነው» ሲል፣ ዕቁብ ላይ ለሌላ ሰው ዋስ እንደሚሆን ሁሉ ስሙን እያስያዘ ነው። ስለዚህ የጉርሻው አሠራር ሲነደፍ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የጉርሻው መጠን ሳይሆን፣ ያ ስም እንዳይጎድፍ ምን መደረግ እንዳለበት ነው።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ውሳኔ ጉርሻው የሚከፈልበት ጊዜ ነው። ብዙ ቤቶች አዲሱ ሰው እንደተመዘገበ ወይም የመጀመሪያውን ገንዘብ እንደከፈለ ጉርሻውን ይሰጣሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ በዚያ ሰዓት አዲሱ ደንበኛ ገና ምንም አላገኘም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ላኪው ከከፈለ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ ገንዘቡን የማስመለስ መብት አለው። ትክክለኛው ጊዜ ተቀባዩ ብሩን በእጁ ሲያስገባ ወይም ሒሳቡ ውስጥ ሲገባለት ነው። ጉርሻው በዚህ ላይ ከታሰረ ወኪሉም ነባሩ ደንበኛም የመጀመሪያው ሐዋላ ያለ እንከን እንዲያልቅ ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ሐዋላ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ደግሞ በስም ነው። ተቀባዩ በመታወቂያው ላይ ያለው ስም በላኪው ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ ባንኩ አይከፍልም። «ፀሐይ»ን አንዱ በላቲን ፊደል በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል። የአያት ስም ተዘልሎ በአባት ስም ብቻ የተላከም ይመለሳል። ስለዚህ በሰው የመጣ አዲስ ደንበኛ ሲስተናገድ ወኪሉ የተቀባዩን መታወቂያ ወይም የባንክ ደብተር ፎቶ አስልኮ ስሙን ከዚያ ላይ መገልበጥ አለበት። ይህ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ከጉርሻው ገንዘብ ይልቅ እምነት ያተርፋል።

ቀጥሎ መጠኑ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ ደንበኛ በየወሩ 200 ዶላር ይልካል፤ ከአገልግሎት ክፍያውና ከምንዛሪ ልዩነቱ ለወኪሉ የሚደርሰው ድርሻ ደግሞ በእያንዳንዱ ሐዋላ 3 ዶላር ነው እንበል። ወኪሉ ሰው ላመጣው 10 ዶላር ሰጥቶ ለአዲሱ ደግሞ የመጀመሪያውን 5 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ከኪሱ ቢሸፍንለት፣ ወጪው 15 ዶላር ይሆናል። ይህ የሚመለሰው ደንበኛው አምስት ጊዜ ከላከ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ልኮ ለሚጠፋ ሰው ግን ወኪሉ 12 ዶላር ይከስራል። መፍትሔው 10 ዶላሩን ለሁለት መክፈል ነው፦ 5ቱ የመጀመሪያው ገንዘብ ሲደርስ፣ የቀረው 5 አዲሱ ደንበኛ ለሦስተኛ ጊዜ ሲልክ። ያኔ ኪሳራው ወደ 7 ዶላር ዝቅ ይላል፤ አምጪውም ዘመዱ እየተስተናገደ መሆኑን የሚከታተልበት ምክንያት ይኖረዋል።

ጉርሻው ቁርጥ ያለ ገንዘብ መሆን አለበት፤ በተላከው ገንዘብ መቶኛ መታሰብ የለበትም። በመቶኛ ሲሆን አምጪው ዘመዱን «ብዙ ላክ» እያለ ይጎተጉታል፤ ከዚያም አልፎ የሌሎችን ገንዘብ ሰብስቦ በራሱ ስም ወይም በሌላ ሰው ስም መላክ ይጀምራል። ይህ ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማስተላለፍ ነው፤ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ደግሞ ወንጀል ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ አምጪው ገንዘብ እንደማይቀበል፣ ቅጽ እንደማይሞላ፣ በዓመትም ከተወሰነ ቁጥር በላይ ሰው ቢያመጣ ጉርሻ እንደማይከፈለው በግልጽ መጻፍ ይገባል። ጉርሻ የሚያስገኝ ትንሹ የሐዋላ መጠንም፣ ለምሳሌ 100 ዶላር፣ አብሮ ይወሰን።

እምነት በብዛት የሚፈርሰው ግን በምንዛሪ ተመን ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ተመኑ ከቀን ወደ ቀን፣ ከድርጅት ወደ ድርጅት ይለያያል። አንዳንድ ቤት አዲስ ሰው ለመሳብ የመጀመሪያውን ሐዋላ በላቀ ተመን ይመነዝርና በሁለተኛው ላይ ያወርደዋል። አዲሱ ደንበኛ ይህን ሲያይ የሚደውለው ወደ ወኪሉ ሳይሆን ወደ አምጣው ሰው ነው፤ ነባሩ ደንበኛም እንደተታለለ ይቆጥረዋል፤ ከሁለቱም ጋር ያለው ግንኙነት ይሻክራል። በዚህ ምክንያት ለአዲሱ ሰው የሚሰጠው ስጦታ የአገልግሎት ክፍያ ቅናሽ እንጂ የተመን ማባበያ መሆን የለበትም። ተመኑ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ክፍያው ቅናሽ የሚኖረው ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ እንደሆነም አስቀድሞ ይነገር። ከመክፈሉ በፊት በሚሰጠው ወረቀት ላይ ክፍያው፣ ተመኑና ተቀባዩ እጅ የሚገባው ብር ይታያሉና፣ ወኪሉ ያን የመጨረሻ ቁጥር በጣቱ እያሳየ ቢያስረዳ ይበጃል።

ሌላው በቀላሉ የሚዘነጋ ጉዳይ ምስጢር ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ ዕድር በሚገናኝ ማኅበረሰብ ውስጥ ማን ለማን ስንት እንደሚልክ ማወቅ ቤተሰብ ያጣላል። «የወንድምዎ ሦስተኛ ሐዋላ ደርሷል፤ 5 ዶላር ተጨምሮልዎታል» የሚል መልእክት ለአምጪው የወንድሙን ጉዳይ ይገልጥበታል። ጉርሻው በወር መጨረሻ በአንድነት ተሰልቶ ስም ሳይጠቀስ ቢከፈል ይሻላል። ጉርሻው ለሁለተኛ ጊዜ በወጣ ቁጥር አምጪው ቢያንስ አዲሱ ሰው መላኩን ይገምታልና፣ ለአዲሱ ደንበኛ ይህን አስቀድሞ ነግሮ ፈቃዱን መጠየቅ ያስፈልጋል። አምጪውም ለአዲሱ ሰው ጉርሻ እንደሚያገኝ መንገር አለበት፤ ሳይናገር ቆይቶ ኋላ ከታወቀ ምክሩ ሁሉ በገንዘብ የተገዛ ይመስላል።

አሠራሩ እየተበላሸ መሆኑ የሚታወቀው ከመዝገብ ነው። ባልና ሚስት እርስ በርስ «አምጥተው» ለአንድ ተቀባይ ሲልኩ፣ ሐዋላዎች ከ100 ዶላሩ ወለል ጥቂት ከፍ ብለው ሁለተኛው 5 ዶላር እንደተከፈለ ሲቆሙ፣ ወይም አንድ ስልክ ቁጥር በበርካታ ላኪዎች ስም ሲመዘገብ ጉርሻው እንጂ አገልግሎቱ እየተፈለገ አይደለም። ይህን ለመቆጣጠር ወኪሉ በየሦስት ወሩ፣ በሰው ከመጡት ውስጥ ስንቱ አራተኛ ጊዜ እንደላኩ መቁጠር ይበቃዋል፤ ጉርሻ የሚያስገኘው ሦስተኛው ካለፈ በኋላ የሚላከው አራተኛው እውነተኛ ነውና። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ከሦስተኛው በፊት ለጠፉት ደውሎ ለምን እንዳቆሙ ይጠይቃቸው፤ መልሱ የስም ስሕተት፣ የዘገየ ክፍያ ወይም የወረደ ተመን ከሆነ፣ ጉርሻውን ማሳደግ ምንም አይጠቅምም፤ ያ እስኪታረም ድረስ አዲስ ሰው እንዲመጣ መጋበዝን ማቆም ይሻላል።