ቃሉ ያው፣ ገጹ ሌላ፦ የአሮጌ አማርኛ ፋይል ሲቀየር ምን ይሆናል?

ከዓመታት በፊት የተተየበ የእድር መተዳደሪያ ደንብ በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት አንዳንዴ አማርኛው ይጠፋና ገጹ በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ይሞላል። ፋይሉ ወደ ዩኒኮድ ሲቀየር ጽሑፉ እንደገና ይነበባል። ደንበኛው ግን የታተመውን ቅጂ ከአዲሱ ጋር ሲያስተያይ መስመሮቹ ሌላ ቦታ ላይ ታጥፈው፣ ገጹም ጨምሮ ያገኘዋል። «ምን ተጨመረበት? ምንስ ጎደለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ባለሙያ ከፋይሉ ጋር ማስታወሻ የሚልከው ይህን ለመመለስ ነው።

ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዝን ፊደል የሚያስቀምጡት ለላቲን በተመደበ ቁጥር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ቁጥር ላይ የግዕዝ ፊደል የሚስለው ፎንቱ ነው፤ ፎንቱ ከሌለ የላቲኑ ፊደል ይወጣል። በአንድ ፎንት ውስጥ ያለው ቦታ ቢበዛ 256 ስለሆነ ለፊደሎቻችን፣ ለአኃዞቻችንና ለሥርዓተ ነጥባችን አይበቃም ነበር። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ገጣጠሙት። መቀየር ማለት እነዚህን ቁጥሮች እየለዩ እያንዳንዱን ፊደል በትክክለኛ ቁጥሩ መተካት ነው።

ጽሑፉ አዲስ ፎንት ሲይዝ የፊደሎቹ ስፋት ይለወጣል። ደንቡ 40 ገጽ፣ እያንዳንዱ ገጽም 30 መስመር አለው እንበል፤ በድምሩ 1,200 መስመር ይሆናል። ቀድሞ 42 ፊደል ይይዝ የነበረ መስመር አሁን 40 ብቻ ከያዘ፣ ያው ጽሑፍ ወደ 1,260 መስመር ይደርሳል፤ ይህም 42 ገጽ ነው። የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 11.5 ዝቅ ማድረግ የገጹን ብዛት ወደ 40 ሊመልሰው ይችላል። መስመሮቹ ግን በቀድሞው ቦታ አይታጠፉም፤ የፊደሎቹ ስፋት የተለወጠው ሁሉም በእኩል መጠን አይደለምና።

ከገጽ መጨመር ይልቅ የሚያሳስበው ሳይታይ የሚያልፍ ስሕተት ነው። ፎንቱን ሳይለይ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ መቀየሪያ፣ በመካከል የተጻፈውን እውነተኛ የእንግሊዝኛ ስም ወደ ትርጉም የለሽ ግዕዝ ይለውጠዋል። የግርጌ ማስታወሻና በሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጽሑፍም አንዳንዴ ሳይቀየሩ ይቀራሉ። ሌላው ችግር ብዙዎች አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ይተይቡት ስለነበር የሚመጣ ነው፤ እንዲህ የተጻፈው በመስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ታችኛው መስመር ሊወርድ ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ደንብ የሚላከው ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

«የተከበሩ የእድሩ ሰብሳቢ፣ የደንቡን ፋይል ወደ ዩኒኮድ ቀይሬ ልኬልዎታለሁ። ሰነዱ ከ40 ወደ 42 ገጽ ያደገው አዲሱ ፎንት ሰፋ ስለሚል ነው፤ የጨመርኩት ቃል የለም። የአንቀጾቹ ቁጥርና ቅደም ተከተል፣ በመዋጮ ሠንጠረዡ ያሉት አኃዞች፣ የደመቁት ርእሶችና የእንግሊዝኛ ስሞች እንደነበሩ ናቸው። አጻጻፉንም አላረምኩም፤ ‹ሀ› እና ‹ሐ› ተቀላቅለው የገቡበት ቦታ እንዳለ ቀርቷል። የለወጥኩት ሁለት ነገር ነው፦ በሁለት ነጥብ ድርብ የተተየበውን በአራት ነጥብ ተክቻለሁ፤ ማውጫውንም በአዲሱ የገጽ ቁጥር ሠርቻለሁ። የቀድሞው ፋይል ሳይነካ አብሮ ተልኳል።»

ሰብሳቢው ይህን በራሱ ማረጋገጥ ይችላል። ከአዲሱ ፋይል አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድቶ በስልኩ መልእክት ላይ ይለጥፍ፤ አማርኛው እዚያም ከተነበበ ያ ክፍል በትክክል ተቀይሯል። ቀጥሎ በዎርድ የፍለጋ ሳጥን ውስጥ `Use wildcards` የሚለውን መርጦ `[A-Za-z]` ብሎ ይፈልግ። የሚወጡት የላቲን ፊደላት የእንግሊዝኛ ስሞቹ ብቻ ሊሆኑ ይገባል፤ ሌላ ከተገኘ ያልተቀየረ ቦታ አለ ማለት ነው። ይህ ፍለጋ ወደ ግዕዝ የተለወጠን የእንግሊዝኛ ስም ስለማያሳይ፣ ስሞቹንና የሠንጠረዡን አኃዞች ከታተመው ቅጂ ጋር በዓይን ማመሳከር ያስፈልጋል።

የቀረው ጥንቃቄ በስብሰባ ላይ ነው። አንዱ አባል የቀድሞውን ቅጂ፣ ሌላው አዲሱን ከያዘ «ገጽ 20 ላይ ያለው» የሚለው አነጋገር ሁለቱን ወደተለያየ ቦታ ይመራቸዋል። የአንቀጹን ቁጥር ከጠሩ ግን በሁለቱም ቅጂ አንድ ቦታ ይገናኛሉ።